ከጥጉ ዓምድ ሥር

ፎቅ ልጨምር የሚል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያሳየው ጣሪያውን ነው። ኑ መሠረቴን እዩልኝ የሚል የለም። ሔሩይም ያደረገው ይህንኑ ነው። መሐንዲሱን ገና ከበር ሳያሳርፈው በመሰላል ጎትቶ አወጣውና፣ ከሶሌታው፣ ከኮንክሪቱ ጣሪያ በላይ ለዓመታት ተገትረው የቀሩትን የፌሮ ጫፎች በእጁ እየመታ፣ «ይኸው ተመልከት! አማቼ ድሮውኑ አስቦበት ነው የሠራው። ከዚህ ቀጥሎ መውጣት ብቻ ነው የቀረን» አለው።

መሐንዲሱ ልዑልሰገድ ይባላል። ዓዲ ሓቂ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ያስተምራል፤ ከማስተማሩ ሲተርፈው የሰው ቤት እየዞረ ይመረምራል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት በልቡ ይዞ የሚዞር ሰው ነው። አንዱን ፌሮ በመዳፉ ጨብጦ አሸት አደረገው፤ ዝገቱ እንደ በርበሬ እጁ ላይ ቀረ።

«ይሄ ተስፋ ነው እንጂ ፌሮ አይደለም» አለ። «መቐለ ውስጥ አናቱ ላይ ተስፋ ያላቆመ ቤት የለም። ከታች ያለውን ሳላይ ከላይ ያለውን አላምንም። እንውረድ።»

ታች፣ በረንዳው ጥግ ላይ፣ መምህር አገኘሁ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቤቱ የእሱ ነው። በወጣትነቱ ከመንዝ ለጂኦግራፊ መምህርነት ተመድቦ መጣ፤ ዛሬ ነገ እመለሳለሁ እያለ ጡረታ ወጣ። ሓድነት የሚባል ሰፈር መሬት አገኘ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ ነገር እየጨመረ፣ አንዱን ዓመት መሠረት፣ አንዱን ዓመት ዓምድ፣ አንዱን ዓመት ሶሌታ እያለ ሠራው። ሚስቱ ሮማነወርቅ ለሠራተኛ ምሳ እያቀበለች፣ ስሚንቶውን ውሃ እያጠጣች አብራው ሠራች። ልጆቻቸው ራኬብና እንድርያስ ፌሮ ላይ እየተንጠለጠሉ አደጉ።

ልዑልሰገድ ወንበሩ ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለና ፊቱ በራ። «መምህር! አላወቁኝም? ዘጠነኛ ክፍል አስተምረውኛል። ስለ ድንጋይ ስናወራ ጠመኔውን በኪስዎ ከተው ደጅ ያወጡን ነበር።»

«ጎበዝ ነበርክ?» አለ አገኘሁ።

«አልነበርኩም።»

«እሺ» አለ አገኘሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህቺን ይዞ ሲቀልድ ይውል ነበር። አሁን ግን ቀልዱ አልመጣለትም፤ እንዳልመጣለትም ልብ አላለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውየው ከመርዶው ወዲህ ደንዝዟል። ጦርነቱ ባበቃ ሰሞን መርዶ በከተማው በየቤቱ ገብቷል፤ በእነሱ መንገድ ላይ ድንኳን ከድንኳን ተያይዞ ማን የማንን ልቅሶ እንደሚደርስ ጠፍቶ ነበር። እንድርያስ ጓደኞቹ ወደ ጦርነቱ ሲሄዱ ሄዶ፣ ጓደኞቹ ሳይመለሱ ቀርተው፣ እሱም አብሮ ቀረ። ሮማነወርቅ አንጀቷ እስኪበጠስ አለቀሰች። አገኘሁ በገዛ ድንኳኑ ውስጥ እንደ እንግዳ ተቀምጦ፣ የመጣውን «ኑሩልን» እያለ ሸኘ። ከዚያ ወዲህ ይበላል፣ ይተኛል፣ ጢሙን ይላጫል። ስለ ልጁ ሲጠየቅ «ሄዷል» ይላል። «ሞተ» የምትለዋ ቃል ግን ካፉ ወጥታ አታውቅም። ቄሱ መክረውት ነበር፤ ጎረቤትም መክሮት ነበር። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነባቸውና ተዉት።

የቀረችው ራኬብ ናት። እሷና ባሏ ሔሩይ ሕፃን ልጃቸውን ይዘው አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀዋል። ሔሩይ የሚሠራበት ባንክ ወደ ሐዋሳ ላዛውርህ ብሎታል። ራኬብ ለአባቷ ሳትሸፋፍን ነግራዋለች። ላይኛው ቤት ከተሠራ ትገባበታለች፤ ወላጆቿን ትታ የትም አትሄድም። ካልተሠራ ግን ትሄዳለች። አገኘሁ ይህን የሰማ ቀን ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ፈለገ። ልጁ እንድትቀርለት ፈለገ። ስሜት እንኳ አይባልም፤ ጥርስ እንደሚነካ ቀዝቃዛ ነገር ነበር። ለመሐንዲሱ የደወለው ግን እሱ ራሱ ነው።

ልዑልሰገድ ሥራውን በመሃለኛው ዓምድ ጀመረ። ሸክሙ የሚበዛው በእሱ ላይ ነው፤ ሶሌታው ከአራቱም በኩል ይመጣበታል። ልስኑን አስፍቆ ገላጣውን ኮንክሪት በድንጋይ አሸው። ከዚያ አጭር ቱቦ የሚመስል፣ ጫፉ ተመልሶ የሚነጥር መሣሪያ እያስደገፈ ገፋው፤ ኮንክሪቱ በጠነከረ መጠን አብዝቶ ይነጥራል። አንዱን ቦታ ደጋግሞ፣ ቦታ እየቀያየረ ለካ። ሔሩይ ከኋላው ሆኖ «እንዴት ነው? ጠንካራ ነው አይደል?» ይለዋል።

«ይሄ የሚነግረኝ የቆዳውን ነው። የሥጋውን ቆርጬ ላብራቶሪ እወስዳለሁ።»

ፌሮውን እንዳይነካ በመሣሪያ ፈልጎ፣ ከሁለት ዓምድ ቀጫጭን ናሙና ቆረጠና ቀዳዳውን ሲደርቅ በማይኮማተር ሞርታር ደፈነው። ከዓምዱ ግርጌ ትንሽ ፈልፍሎ ፌሮውን አወጣና ውፍረቱን ለካ፤ ፌሮዎቹን የሚያቅፉት ስታፋዎች ምን ያህል እንደተራራቁም አየ። ጣሪያ ላይ ያለው ፌሮና እዚህ ያለው አንድ መሆኑን ያረጋገጠው ያኔ ነው። አንዳንዱ ሰው ከታች ቀጭን አድርጎ አናቱ ላይ ወፍራም ይሰካል፤ ጎረቤት ይይልኝ ብሎ መሰለኝ።

ከዚያ የሳሎኑ ወለል ተሰበረ። ኸድር የሚባል ቆፋሪ፣ ክንደ ብርቱ ጎልማሳ፣ ከዓምዱ ጎን ሰው የሚቆምበት ጉድጓድ አወረደ። ዓምዱ የቆመበት ሰፊ የኮንክሪት ምንጣፍ፣ እነሱ ፉቲንግ የሚሉት፣ ጎኑ ታየ። ልዑልሰገድ ወርዶ ስፋቱንና ውፍረቱን ለካ፤ ከሥሩ ያለውን ቢጫ መሬት በብረት ወጋው። ብረቱ ብዙም አልገባ አለው።

«ጽቡቕ፣ ጥሩ ነው» አለ ከጉድጓዱ ውስጥ። «መምህር፣ እንዴት ነው ያሠሩት? ከዚህ በላይ የተቆጠበበት ባለ ፎቅ አይቻለሁ።»

«ፎርማኑ ክፉ ሰው ነበር» አለ አገኘሁ። «እኔም ክፉ ነበርኩ።»

ከጎን ቆማ የምታየው ራኬብ ሳቀች። አባቷ እንዲህ ሲናገር ከሰማች ቆይታለች። ሔሩይማ በልቡ መጋረጃ ሰቅሎ ጨርሷል።

ልዑልሰገድ ግን ወጥቶ ቤቱን በውጪ ዞረ። በረንዳው ጥግ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከመኝታ ቤቱ መስኮት ጥግ ተነሥቶ ወደ ጥጉ ዓምድ ሰያፍ የወረደ፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለ። ጣቱን በላዩ አስኬደው። ከዚያ በረንዳውን በተረከዙ መታ መታ አደረገው፤ በአንዱ በኩል ድም ይላል፣ በአንዱ በኩል ባዶ ጣሳ ይመስላል። ባዶ የሚለው በአገኘሁ ወንበር ሥር ነው።

«እዚህ አንድ ጉድጓድ እፈልጋለሁ» አለ።

«እዚያ አይቆፈርም» አለ አገኘሁ።

«ለምን መምህር?»

«ሰፕቲክ ታንክ ነው።»

«መኝታ ቤት መስኮት ሥር? ማስተንፈሻውስ የት አለ?»

ሮማነወርቅ ከበሩ ብቅ ብላ ሰምታ ኖሮ፣ «የምን ሰፕቲክ ነው አገኘሁ? ምነው!» አለች። ሚስት ባሏን እንዲህ አደባባይ አታወጣም፤ ግን ሰልችቷት ነበር። «ጉድጓድ ነው ልጄ። በጦርነቱ ጊዜ አውሮፕላን ሲመጣ የምንገባበት። አሁን ተደፍኗል።»

«ከዓምዱ ምን ያህል ይርቃል፣ ኣደይ?»

«ምን ይርቃል፣ ከሥሩ ነው እንጂ። ልጁ ሲቆፍር ያን ሰፊውን ኮንክሪት አገኘው። ‹እማ፣ ቤት ውስጥ ካለው ሁሉ ወፍራሙ ይሄ ነው፣ ምንም አይበሳውም፣ ከሥሩ እንግባ› አለ። እኛም ገባን።»

ልዑልሰገድ እጁን አናቱ ላይ ጫነ። «ዋይ! ቤቱን ተሸክሞ ከቆመው ሥር አፈሩን አውጥታችሁ… እናንተም ከሥሩ ተቀመጣችሁ?»

«ታዲያ የት እንቀመጥ?» አለች ሮማነወርቅ።

ይህን የሚመልስ መጽሐፍ የለም። ልዑልሰገድም ያን ጊዜ እዚሁ ከተማ ውስጥ ነበር። ምን እንደሚመስል ያውቃል።

ረጋ ብሎ አስረዳቸው። ዓምዱ ሸክሙን ለፉቲንጉ ይሰጣል፣ ፉቲንጉም ለመሬቱ። ከሥሩ መሬት ከተወሰደና በቦታው ያልተደቆሰ አፈር ከተመለሰ፣ ያ አፈር ምንም አይሸከምም፤ ፉቲንጉ በቀረው ጫፍ ብቻ ቆሟል ማለት ነው። እስካሁን የያዘው ቤቱ አንድ ደርብ ስለሆነና ዓምዶቹን ከታች የሚያያይዘው ቢም ስላገዘው ነው። ስንጥቁ ግን ጥጉ መስመጥ እንደጀመረ ይናገራል። ፎቅ ቢጨመርበት የማንን ልጅ ይዞ እንደሚወርድ እግዜር ይወቀው።

«ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደተገባ የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ» አለ። «የቆፈረው ልጅ የት ነው?»

«የለም» አለ አገኘሁ።

በዚህ ከተማ «የለም» ከተባለ ማንም ሁለተኛ አይጠይቅም። ልዑልሰገድ አንገቱን ደፍቶ መሣሪያውን መሰብሰብ ጀመረ።

«መምህር፣ ሳላየው አልፈርምም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፎቁ ቢቀር እንኳ ይሄን ጥግ እንዲሁ አትተዉት።»

«አይቆፈርም አልኩ» አለ አገኘሁ፤ ድምፁን ከፍም ዝቅም አላደረገውም።

ሰውየው ለምን እንደዚህ እንደሆነ ሮማነወርቅ ታውቃለች። ተኩሱ ከቆመ በኋላ ሰው ሁሉ ጉድጓዱን ሲደፍን አገኘሁ አልደፈነም። ‹እንድርያስ ሲመጣ አብረን እንሞላዋለን› ይል ነበር። መርዶው ከመጣና ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ አንድ ጠዋት ብቻውን አካፋ አንሥቶ ወጣ። አመድ ሳይል፣ የተሰባበረ ብሎኬት ሳይል፣ አፈር ሳይል፣ ያገኘውን ሁሉ ከተተበት። አልደቆሰውም፣ ውሃ አላጠጣውም። አናቱን በስሚንቶ ለሰነውና ወንበሩን አምጥቶ ተቀመጠበት። እንድርያስ የት እንደተቀበረ የሚያውቅ የለም። ለአገኘሁ መቃብሩ ይሄ ነው፤ ሌላ የለውም።

በማግስቱ ራኬብ ልጇን አዝላ መጣች። ሔሩይን አላመጣችውም። አባቷ ወንበሩ ላይ ነው። ፊት ለፊቱ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ባባ፣ ሔሩይ ለሐዋሳው እሺ ሊል ነው።»

«እሺ።»

«እሺ ምን ማለት ነው? ሂጂ ማለት ነው?»

አገኘሁ ወደ አጥሩ ተመለከተ።

«እኔ እኮ ፎቅ አምሮኝ አይደለም» አለች። «እናንተን ጥዬ መሄድ አልፈልግም። ግን በመጣሁ ቁጥር አንተ እዚህ ጥግ ላይ ነህ። ልጄን ሳሳይህ እንደ ጎረቤት ልጅ ነው የምታየው። እኔም ልጅህ ነኝ ባባ! እኔ አለሁ!»

ሕፃኑ ጩኸቷን ሰምቶ አለቀሰ። አገኘሁ አያቸው። ልቡ መሰበር እንዳለበት ያውቃል። የሰው ልጅ እንዲህ ሲባል ልቡ ይሰበራል። ደረቱ ውስጥ ፈለገ ፈለገና ምንም አጣ፤ ክረምት ላይ እጅ ደንዝዞ የበር ቁልፍ መያዝ እንደሚያቅተው ሆነበት። ያፈረው በዚህ ነው። ለልጁ ሊሰጣት የሚችለው ሌላ ነገር ስላልነበረው ተነሣና ወንበሩን ይዞ ሄዶ ከአጥሩ ሥር አስቀመጠው።

«ደውይለት» አላት።

ልዑልሰገድ በዚያው ሳምንት ኸድርን ይዞ ተመለሰ። እንዲሁ ዘሎ አልቆፈረም። መጀመሪያ ሰዎቹን ከቤት አስወጣ። ከዚያ በዓምዱ ግራና ቀኝ ያሉትን ቢሞች የሚደግፉ የብረት ምሰሶዎች፣ ፑንቴሎ የሚባሉትን፣ ሰፋ ባለ ጣውላ ላይ አቁሞ ጠበቅ ጠበቅ አደረጋቸው። ዓምዱ ቢሸሽ ሶሌታው የሚያርፍበት እንዲያገኝ ነው። ስንጥቁ ላይም በልስን ማኅተም የሚመስል ነገር ለጠፈበት፤ ቤቱ ከተንቀሳቀሰ ያ ቀድሞ ይሰነጠቃል። ሔሩይን «አንተ ዓይንህን ከዚህች ላይ እንዳትነቅል» ብሎ አቆመው። ሔሩይ ግንባሩን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ቆመ።

ኸድር ስሚንቶውን ሰብሮ ገባ። አፈሩ ትናንት እንደተሞላ ልል ነው፤ ዶማ እንኳ አልፈለገም። አመዱ ወጣ። ብሎኬቱ ወጣ። አንድ የብርድ ልብስ ቁራጭ ወጣ፤ ሮማነወርቅ ተቀብላ ወደ ጓዳ ይዛው ሄደች። አገኘሁ ከጎን ቆሞ አየ። መቃብር ሲከፈት እያየ እንደሆነ ለራሱ ነገረው፤ ራሱ ግን አልሰማውም።

ሲጸዳ፣ ከበረንዳው ወደ ታች የሚወርድ ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱ ግድግዳ ደግሞ ወደ ዓምዱ በኩል የገባ ዋሻ ሆኖ ታየ። የዋሻው ጣሪያ ፉቲንጉ ራሱ ነው። ልዑልሰገድ ምሰሶዎቹን ዳግመኛ መርምሮ፣ ማኅተሙ ደህና መሆኑን ከሔሩይ ጠይቆ ወረደ።

«አንድ ሰው አፉ ላይ ሆኖ የሜትሩን ጫፍ ይያዝልኝ።»

አገኘሁ ወረደ። ማንም አልከለከለውም። ጉድጓዱ ውስጥ፣ ከፉቲንጉ ውጪ፣ ሰማይ በሚታይበት በኩል ተቀመጠና የሜትሩን ጫፍ ያዘ። ልዑልሰገድ በደረቱ ተስቦ መብራት እያበራ ገባ። ሜትሩ በአገኘሁ ጣቶች መሃል እየተሳበ ሄዶ ቆመ።

«ጽቡቕ! በጣም ጽቡቕ!» ይላል ከውስጥ። «መምህር፣ ቤታችሁ ተርፏል። ከግማሽ በላይ የሆነው ፉቲንግ አልተነካም፤ በተፈጥሮው መሬት ላይ እንዳለ ነው። ከዓምዱ ሥርም አላለፈም፣ ልክ ዳር ሲደርስ ቆሟል። ሁለት ስንዝር ቢጨምር ኖሮ ቤቱ እላያችሁ ላይ ነበር። የቆፈረው ልጅ ምን ይማር ነበር?»

«ኮንስትራክሽን ጀምሮ ነበር» አለ አገኘሁ። «ሁለተኛ ዓመት።»

«እንግዲያው አውቆ ነው ያቆመው።»

«የለም፣ አውቆ አይደለም። ድንጋይ ገጥሞት ነው።»

«የምን ድንጋይ?»

«‹ከዚህ ወዲያ ድንጋይ ነው ባባ፣ ዶማ አይበላውም› አለኝ፣ ‹ትንሽ አስፋውና አንተም ግባ› ስለው።»

ከውስጥ ብረት አፈር ውስጥ ሲገባ ተሰማ። ከዚያ ልዑልሰገድ ወደ ኋላ እየተሳበ ወጣ፤ ልብሱ ሁሉ ቢጫ ሆኗል። በመዳፉ የያዘውን ጓል ለአገኘሁ ሰጠው።

«መጨረሻው ግድግዳ ይሄ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እርስዎ ነዎት ያስተማሩን። ማርል ነው፣ ኖራና ሸክላ የተቀላቀለበት መሬት። ቤት ይሸከማል፣ ግን በዶማ ይቆፈራል። ድንጋይ የለም መምህር።»

አገኘሁ ጓሉን ጨመቀው። እጁ ውስጥ ፈረሰ። ሠላሳ ዓመት የዚህን ከተማ መሬት ለሰው ልጅ ሲያስተምር የኖረ ሰው፣ በገዛ ቤቱ ሥር ድንጋይ አለ ሲሉት አመነ። ሰው ሲፈራ የሚያምነው አያጣም።

ልዑልሰገድ ሜትሩን እየጠቀለለ፣ ለሥራው ብሎ፣ ክፉ ሳያስብ ጠየቀ። «ስንት ሆናችሁ ነበር የምትገቡት?»

«አራት።»

«ለአራት አይበቃም። ከፉቲንጉ ሥር ያለው ቦታ ቢጠጋጉ ለሦስት ነው። አራተኛው የት ይቀመጥ ነበር?»

አገኘሁ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ። ከዚያ የተቀመጠበትን አየ። ቀና ሲል ሰማዩ ወለል ብሎ ይታያል፤ ከአናቱ በላይ ኮንክሪት የለም፣ ምንም የለም። እንድርያስ እዚህ ይቀመጥ ነበር። ‹ውስጡ ያፍነኛል፣ እኔ አውሮፕላኑን ልስማላችሁ› እያለ። ጀርባውን ለሰማዩ፣ ፊቱን ለእነሱ አድርጎ። ቢያሰፋው ቤቱ በእናቱ፣ በአባቱና በእህቱ ላይ ይወርዳል። ልጁ ይህን ያውቅ ነበር። ስለዚህ ‹ድንጋይ ነው› አለ። በቃ።

«እዚህ» አለ አገኘሁ።

ራኬብ ከላይ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሆና ልጇን አቅፋ ትጠብቃለች። «ባባ፣ ምን አለ? ይሸከማል?»

ልዑልሰገድ ፈጥኖ መለሰላት። «ይሸከማል። ባዶውን ከታች ጀምረን በኮንክሪት እንሞላዋለን፤ ከፉቲንጉ ጥቂት ጣት ዝቅ ብለን አቁመን፣ ሲደርቅ ክፍተቱን በደረቅ ሞርታር ወቅጠን እናጠብቀዋለን። መሃለኞቹን ዓምዶች ፌሮ ጨምረን በኮንክሪት እናለብሳቸዋለን። ናሙናውም ደህና ነው። ከዚያ ፎቃችሁን ሥሩ።»

ሔሩይ ማኅተሙን ትቶ ሚስቱን ሊያቅፍ ተንደረደረ። ራኬብ ግን አባቷን ነው የምታየው። የፈለገውን ያገኘ ሰው ፊት አልነበረም።

«ባባ?»

«ትቀሪያለሽ?» አላት።

«እቀራለሁ። አልሄድም።»

«ጥሩ» አለ። ቀጥሎ የወጣው ድምፅ እሱም የሚያውቀው የራሱ ድምፅ አልነበረም። «ወንድምሽ ሞተ።»

«አውቃለሁ ባባ» አለች ራኬብ እየተንበረከከች። «ስንት ጊዜው።»

«እኔ ገና አሁን መስማቴ ነው!» አለ አገኘሁ፤ ጓል ያለበትን እጁን ደረቱ ላይ መታ። «ልጄ ሞተ! እንድርያስ ሞተ! ኧረ ልጄን!»

ጩኸቱ አጥር አልገደበውም። እንደዚህ ያለ የወንድ ጩኸት ሰፈሩ ከሰማ ቆይቷል። ሰው ከየቤቱ ወጣ፤ ሊጥ የነካው እጅ፣ ያልተቆለፈ ሸሚዝ፣ ያልተዘጋ ሱቅ ሳይል መጣ። በሩ ላይ ሮማነወርቅን አገኟት፤ ያን የብርድ ልብስ ቁራጭ በሁለት እጇ ይዛለች።

«መን ሞይቱ? ማነው የሞተው?» አሏት።

«እንድርያስ» አለች።

‹እሱማ አስቀድሞ ሞቷል› ያለ ማንም የለም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ወንዶቹ ከአሸዋው ክምር ጎን፣ ከፑንቴሎው ሥር፣ ባገኙት ብሎኬት ላይ ተቀመጡ። ኸድር አካፋውን አጋድሞ አብሯቸው ተቀመጠ።